ኬፒአይ ዘበኛ፣ ኦኬአር ዘመቻ፦ በመጀመሪያ ስብሰባችሁ ሁለቱንም ለሰማችሁ

መስከረም ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ስብሰባው የተጠራው። ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ ባለ 40 ክፍል ሆቴል ነው። ስሙ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። እኔ ሪዘርቬሽኑን ነው የምይዘው። አጠገቤ አዲስ የገባች የሪሴፕሽን ልጅ ተቀምጣለች፣ ሥራ ከጀመረች ገና አምስተኛ ቀኗ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረ። «ኬፒአዮቻችን ደህና ናቸው፣ የዚህ ሩብ ዓመት ኦኬአር ግን…» እያለ ለአርባ ደቂቃ ሄደ። ልጅቷ የሰማችውን ቁጥር ሁሉ ደብተሯ ላይ ከላይ እስከ ታች ደረደረችው። 55 በመቶ፣ 15 ደቂቃ፣ 1.7፣ 1,800 ብር፣ 40።

ስንወጣ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም እንዴ? ሁለቱም ቁጥር ናቸው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ሁለቱም ቁጥር ናቸው። ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው። እኔም በመጀመሪያ ሥራዬ እንደሷ ሁሉንም አንድ ላይ ደርድሬ፣ የሁሉንም ጭራ ስይዝ ስለቅ ሦስት ወር ፈጅቻለሁ። ስለዚህ በዚያው ቀን ከሰዓት ሻይ ይዘን የሠራነውን ደረጃ በደረጃ ልጻፈው። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ ስሞቹን እንጨርስ

ኬፒአይ በወረቀት ላይ «ቁልፍ የአፈጻጸም አመልካች» ይባላል። ኦኬአር ደግሞ «ዓላማና ቁልፍ ውጤቶች» ነው። ይህን ሸምድዶ ስብሰባ መግባት ብዙም አይጠቅምም፣ ምክንያቱም «አመልካች» እና «ውጤት» የሚሉት ቃላት በራሳቸው ልዩነቱን አይነግሯችሁም።

እኔ ለልጅቷ የነገርኳት እንዲህ ነው። ኬፒአይ ዘበኛ ነው፣ ኦኬአር ዘመቻ ነው። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ያድራል፣ ዛሬም ነገም እዚያው ነው። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትሉት «ምንም የለም» ካለ ደስ ይላችኋል። ዘመቻ ግን የሚጀመርበት ቀን አለው፣ የሚያልቅበት ቀን አለው፣ የሚደረስበት ቦታም አለው። ዘመቻው ላይ ያለ ሰው «ምንም አዲስ ነገር የለም» ካለ ችግር አለ ማለት ነው።

ኦኬአር ከየት መጣ ለሚል፣ በ1970ዎቹ አንዲ ግሮቭ ኢንቴል ውስጥ ያበጀው አሠራር ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እዚያ ይሠራ የነበረው ጆን ዶር በ1999 ወደ ጎግል ወሰደው፣ ጎግል ገና ትንሽ በነበረበት ጊዜ። ከዚያ ነው በዓለም የተዛመተው። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ «ይሄ ቢኤስሲ ስሙን ቀይሮ መጣ» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ቢኤስሲ የሚባለው የውጤት መለኪያ ሥርዓት የመሥሪያ ቤቱን ሥራ በሙሉ በተለያዩ ዕይታዎች ከፋፍሎ ይለካል። ኦኬአር ግን ሆን ብሎ አብዛኛውን ሥራ ይተዋል፣ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያነሳው። የተተወውን የሚጠብቀው ያ ዘበኛ ነው።

ደረጃ 1፦ ስብሰባው ላይ ቁጥሩን ትታችሁ ግሱን ስሙ

ቁጥሩ አያታልላችሁ። ከቁጥሩ ጋር የሚመጣውን ግስ ስሙ። «እንዳይወርድ»፣ «እንዳያልፍ»፣ «እንጠብቅ»፣ «እንደያዝነው» የሚል ከሰማችሁ ኬፒአይ ነው። «ከዚህ ወደዚያ እናድርስ»፣ «በዚህ ሦስት ወር እንለውጥ» የሚል ከሰማችሁ ኦኬአር ነው።

የኛ ሥራ አስኪያጅ የተናገረውን ልክ እንደተናገረው ልጻፍላችሁ። «የክፍል ሽያጫችን 55 በመቶ ነው፣ ከ50 እንዳይወርድ። የእንግዳ ቅሬታ በ15 ደቂቃ ውስጥ መልስ ያግኝ። አማካይ የአንድ አዳር ዋጋ ከ1,800 ብር በታች እንዳይሆን።» እነዚህ ሦስቱም ዘበኞች ናቸው። ቀጥሎ ደግሞ «እንግዳ በአማካይ 1.2 ሌሊት ነው የሚያድረው፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 1.7 እናድርሰው» አለ። ይሄኛው ዘመቻ ነው።

55 በመቶው ከየት እንደመጣ ማወቅም አይከፋም። 40 ክፍል በ30 ቀን 1,200 አዳር ይሆናል። (የኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ምንጊዜም 30 ቀን መሆኑ ለሆቴል ሂሳብ እንዴት ይመቻል መሰላችሁ!) በወሩ የተሸጠው 660 አዳር ነው። 660 ለ1,200 ሲካፈል 55 በመቶ። እነዚያን 660 አዳሮች ያደሩት ደግሞ 550 እንግዶች ናቸው፣ አንድ ክፍል የያዘውን እንደ አንድ እንግዳ ቆጥረን። 660 ለ550 ሲካፈል 1.2። አያችሁ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የወጡት ከአንድ መዝገብ ነው፣ ሁለቱም 660ን ይጠቀማሉ። አንዱ ኬፒአይ ሌላው ኦኬአር የሆነው በአቆጣጠራቸው አይደለም። ሆቴሉ በዚህ ሩብ ዓመት አንዱን ሊጠብቀው፣ ሌላውን ሊያንቀሳቅሰው ስለወሰነ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሊገለበጡ ይችላሉ። ስለዚህ «ይህ ቁጥር ኬፒአይ ነው ወይስ ኦኬአር?» ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ መልሱን አታገኙትም። መልሱ ያለው መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ነው።

ደረጃ 2፦ ደብተሩን ለሁለት ክፈሉት

ልጅቷ የደረደረችውን ሰርዘን እንደገና ጻፍነው። ግራው ገጽ ለዘበኞች፣ ቀኙ ለዘመቻ።

ግራው ገጽ ላይ ለያንዳንዱ ቁጥር ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፦ ምን ይለካል፣ ወሰኑ የት ነው፣ ወሰኑን ሲያልፍ ለማን ነው የምነግረው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ወሰን አልፎ ለማንም የማይነገር ቁጥር የሪፖርት ጌጥ ነው። ቅሬታው 15 ደቂቃ ካለፈ ልጅቷ የምትደውለው ለሃውስኪፒንግ ኃላፊዋ ነው ወይስ ለሥራ አስኪያጁ? ስብሰባው ላይ አልተነገረም። ባዶ ተውነው፣ በማግስቱ ጠየቀች።

ቀኙ ገጽ አናት ላይ ቁጥር የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ዓላማው እሱ ነው። የኛ «እንግዳው ጎንደርን አድሮ ማለፊያ ሳይሆን ውሎ ማደሪያ ያድርጋት» የሚል ነበር። ነገሩን ለምታውቁት ግልጽ ነው። እንግዳው ማታ ይገባል፣ ጠዋት ፋሲል ግቢን ያያል፣ ከምሳ በኋላ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ይነሳል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሮጥ ብሎ አይቶ ይሆናል፤ ቁስቋምን፣ የፋሲለደስን መዋኛ፣ ጎርጎራን ግን ሳያይ ነው የሚሄደው።

ከዓላማው ሥር ቁልፍ ውጤቶቹ ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው መነሻ፣ መድረሻና ቀን ያስፈልጋቸዋል። የኛ ሦስት ነበሩ፣ ሦስቱም እስከ ታኅሣሥ 30።

አማካይ ቆይታ ከ1.2 ወደ 1.7 ሌሊት።

ክፍል ሲይዙ የሁለተኛ ቀን ፕሮግራም አብረው የሚይዙ እንግዶች፣ ከ100 ውስጥ ከ10 ወደ 30።

ከባሕር ዳር ለቅዳሜና እሑድ የሚመጡ ቤተሰቦች፣ ከ0 ወደ 40 የቅዳሜ አዳር።

መጀመሪያ የቀረበው ረቂቅ ላይ አራተኛ ነበረ፦ «500 ብሮሹር ማሳተም»። እሱን አውጥተነዋል። ለምን እንደወጣ ማወቅ ልዩነቱን ከማወቅ እኩል ነው። ብሮሹር ማሳተም ሥራ ነው። ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ፣ ከፍላችሁ፣ 500ውን ይዛችሁ ብትመጡ «ተሳክቷል» ትላላችሁ፣ ብሮሹሩ ግን ሪሴፕሽን ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ አቧራ እየጠጣ እንግዳው ከምሳ በኋላ ሊሄድ ይችላል። ቁልፍ ውጤት ሥራው ከተሠራ በኋላ እንግዳው ላይ የሚታየው ለውጥ ነው። እናንተም ቀኙን ገጽ ስትሞሉ «ይሄን ጨርሼ ምንም ላይለወጥ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ሥራ ነው፣ ከሥር በትንሹ ጻፉት።

ደረጃ 3፦ ከስብሰባው በኋላ ሦስት ጥያቄ

አዲስ ሰው ስብሰባ መሀል እጁን አውጥቶ «ኦኬአር ምንድን ነው?» ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል፣ ያው እንደምታውቁት። አለቃችሁን ለብቻው አግኙትና እነዚህን ጠይቁት። አላዋቂ አያስመስሉም፣ እንዲያውም ገብቶት ነው ያስብላሉ።

አንደኛ፣ «ይሄ ቁጥር መቼ ነው የሚያልቀው?» አያልቅም ካላችሁ ኬፒአይ ነው። ቀን ከነገራችሁ ኦኬአር ነው። እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያውን አብራችሁ ጠይቁ። በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሁለተኛው ሩብ ዓመት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር የሆነ ድርጅት ወይም ፕሮጀክት ውስጥ ከሆናችሁ ግን «ሁለተኛ ሩብ» ማለት በፈረንጅ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሳ የስድስት ወር ስህተት የሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ሰውየው እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ «70 በመቶ ብናደርስ ምን ትላለህ?» ይሄ ከሁሉም የበለጠው ጥያቄ ነው። ለዘበኛ 70 በመቶ ውድቀት ነው። ከአሥር ቅሬታ ሰባቱ ብቻ በጊዜው ተመለሱ ማለት ሦስት እንግዳ ተቆጥቶ ሄደ ማለት ነው። ከፍ ተደርጎ ለተሰቀለ ዘመቻ ግን 70 በመቶ መልካም ነው። ጎግል ውስጥ ከ0 እስከ 1 ነው ነጥብ የሚሰጡት፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ግብ ከ0.6 እስከ 0.7 ካገኙ ደህና ሄደናል ይላሉ። ሁልጊዜ 1 የሚያገኝ ሰው ግቡን ዝቅ አድርጎ ነው የሰቀለው ተብሎ ይጠረጠራል። ግን ተጠንቀቁ፦ ኦኬአርም ሁለት ዓይነት አለው። ቃል የተገባበትና የግድ 1 መድረስ ያለበት አለ፣ ለምሳሌ በሕግ የታዘዘ ነገር ሲሆን። የተሰቀለና 0.7 የሚበቃው ደግሞ አለ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ስሙ።

ሦስተኛ፣ «ከደሞዝና ከቦነስ ጋር ይገናኛል?» ኬፒአይ ብዙ ጊዜ ይገናኛል። ኦኬአር ባይገናኝ ነው የሚሻለው። ቀደም ብዬ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አገናኝቶት ነበር። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ትልቅ ግብ የሰቀሉ ሰዎች 0.6 አግኝተው ቦነስ ቀረባቸው፣ ትንሽ የሰቀሉት ወሰዱ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሁሉም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገኘውን ግብ ይዞ መጣ። እኔም ጭምር። ማን ሞኝ አለ! ዘመቻው እዚያው አበቃ፣ ስሙ ብቻ ሰሌዳ ላይ ቀረ።

ደረጃ 4፦ የእናንተን እጅ ፈልጉ

ልጅቷ ሦስቱን ቁልፍ ውጤቶች አይታ «እኔ ሪሴፕሽን ቁጭ ብዬ የባሕር ዳርን ቤተሰብ ምን አደርገዋለሁ?» አለች። ልክ ናት። አዲስ ሰው ሁሉንም መሸከም የለበትም።

ግራውን ገጽ ግን ትሸከመዋለች። ቅሬታ የሚመጣው ወደሷ ነው፣ በየቀኑ፣ ዘመቻ ኖረም አልኖረም። ከቀኙ ገጽ ደግሞ ሁለተኛው የሷ ነው። እንግዳው ደውሎ ወይም በቡኪንግ ክፍል ሲይዝ ማረጋገጫውን የምትልከው እሷ ናት። ያኔ «ሁለተኛውን ቀን ጎርጎራ እንውሰድዎት?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ትችላለች። እንግዳው ከገባ በኋላማ መኪናው ለጠዋት ተቀጥሯል፣ ጊዜው አልፏል።

እንግዲህ በሳምንት ውስጥ ጊዜያችሁን እንዴት ትከፍላላችሁ? ሁለቱ ሲጋጩ፣ ማለትም ሻወሩ ውሃ አላሞቀም የሚል እንግዳ ፊታችሁ ቆሞ የማረጋገጫ ኢሜይል ሲጠብቃችሁ፣ ዘበኛው ይቀድማል። ሁሉም ዘበኛ ደህና ከሆነ የተረፈው ጊዜ በሙሉ ለዘመቻው ነው። ብዙ ቦታ የማየው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ደህና የሆነውን ቁጥር ከ55 ወደ 56 ለማድረስ ሲታገሉ ሩብ ዓመቱ ያልቃል።

ደረጃ 5፦ በየሳምንቱ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን እዩ

አብዛኛው ማብራሪያ ልዩነቱን ነግሮ ያቆማል። ሥራው ያለው ግን ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አማካይ ቆይታው 1.5 ገባ። ሁሉም ሰው ደስ አለው። ልጅቷ ግን ግራውን ገጽ አይታ «አማካይ ዋጋው 1,800ን አልፎ ወርዷል» አለች። ሽያጭ ክፍሉ ለሁለተኛው ሌሊት ግማሽ ዋጋ ቅናሽ ከፍቶ ኖሯል። አብረን አሰላነው።

ከዘመቻው በፊት 100 እንግዳ ቢመጣ፣ በ1.2 ሌሊት 120 አዳር ነው። ዋጋው 2,000 ብር ነበርና 240,000 ብር ይገባል።

ከቅናሹ በኋላ ከ100ው እንግዳ 50ው አንድ ሌሊት አደረ፣ 100,000 ብር። 50ው ሁለት ሌሊት አደረ፣ ለመጀመሪያው 2,000 ለሁለተኛው 1,000፣ ማለትም 150,000 ብር። በድምሩ 250,000 ብር፣ አዳሩ 150። አማካይ ዋጋው 250,000 ለ150፣ ወደ 1,667 ብር። ወሰኑ ተጥሷል።

ወሰኑ መጣሱ ብቻ አይደለም። ገቢው የጨመረው 10,000 ብር ነው፣ አዳሩ የጨመረው 30። ለአንድ ተጨማሪ አዳር 333 ብር ማለት ነው። በ333 ብር አንሶላ ይታጠባል፣ ውሃ ይሞቃል፣ ቁርስ ይቀርባል፣ ክፍል ይጸዳል… ማዕድ ቤቱን ብትጠይቁት ሳቁን ነው የሚለቅባችሁ። ቀድሞም ሊያድሩ የነበሩት እንግዶች ሳይቀሩ በግማሽ ዋጋ አደሩ። የቀኙ ገጽ ቁጥር እያማረ ሆቴሉ በከንቱ እየደከመ ነበር።

ቅናሹ በዚያው ሳምንት ቆመ። በምትኩ ሁለተኛ ሌሊት ለሚያድር የግማሽ ቀን የከተማ ጉብኝት በሙሉ ዋጋ አዳር ላይ ተጨመረ፣ አስጎብኚው በቀን የሚከፈለው ስለሆነ እንግዳ በበዛ ቁጥር የአንዱ ወጪ ይቀንሳል። ቆይታው ወዲያው ትንሽ ወረደ፣ ዋጋው ግን ተመለሰ።

ስለዚህ ቀኙ ገጽ ላይ ቁጥር ሲሮጥ ካያችሁ ግራውን ግለጡ። የትኛው ዘበኛ ነው የተረገጠው? እያንዳንዱ ዘመቻ ቢያንስ አንድ እንዲህ የሚጠብቀው ኬፒአይ ያስፈልገዋል። ስብሰባ ላይ «ይሄንን ስንጨምር ምን ሊበላሽ ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ እናንተ ጠይቁ።

ዘበኛውም ራሱ ይታለላል፣ ይሄን ሳልነግራችሁ አልለፍ። የ15 ደቂቃው ኬፒአይ ለወራት አረንጓዴ ነበር፣ ማለትም ወሰኑ ውስጥ። አንድ ቀን መዝገቡን ገልጬ ሳይ «ክፍል 207፣ ሙቅ ውሃ የለም፣ 1፡10 — ታይቷል፣ 1፡24» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ክፍል 207፣ ሙቅ ውሃ የለም፣ 2፡05 — ታይቷል፣ 2፡18»። ሁለቱም በ15 ደቂቃ ውስጥ ናቸው! ሰው ሄዶ አይቶ ተመልሷል፣ ውሃው አልሞቀም። ቻርልስ ጉድሃርት የሚባል የእንግሊዝ ኢኮኖሚስት በ1975 ያነሳው ነገር ነው፣ በስሙ ሕግ ተብሎ ይጠራል፦ መለኪያውን ራሱን ግብ ስታደርጉት ጥሩ መለኪያ መሆኑ ይቀራል። የኛ መድኃኒት ቀላል ነበር፣ ከአንድ ክፍል በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የመጣ ቅሬታ ለብቻው መቆጠር ጀመረ።

ደረጃ 6፦ መጨረሻ ላይ ነጥብ መስጠት

ለኬፒአይ ነጥብ አይሰጥም። ወሰን ውስጥ ነው ወይስ ወጥቷል፣ አለቀ። ለኦኬአር ግን ይሰጣል። አሰጣጡ ላይ አዲስ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የደረሳችሁበትን በመድረሻው አታካፍሉ። መጀመሪያ መነሻውን ቀንሱ።

```
ነጥብ = (የደረስንበት − መነሻ) ÷ (መድረሻ − መነሻ)
```

ቆይታው ታኅሣሥ 30 ላይ 1.45 ነበር። 1.45ን ለ1.7 ብታካፍሉ 0.85 ይወጣና እልል ትላላችሁ። ነገር ግን ጭራሽ ምንም ባንሠራም 1.2 ለ1.7 ወደ 0.7 ይሰጥ ነበር! በትክክለኛው መንገድ 0.25 ለ0.5፣ ማለትም 0.5። ሁለተኛው ከ10 ተነስቶ 24 ደረሰ፣ 14 ለ20፣ 0.7። ሦስተኛው ከ40ው የቅዳሜ አዳር 12 ብቻ አገኘ፣ 0.3። አማካዩ 0.5።

0.5 ማለት ምን ማለት ነው? ብቻውን ብዙም አይናገርም፣ ሦስቱን ለየብቻ ስታዩ ነው የሚናገረው። አስቀድሞ ማስያዙ ሠርቷል፣ የልጅቷ አንዲት መስመር ዋጋ አላት ማለት ነው። የባሕር ዳሩ ግን ማንም ኃላፊነቱን አልያዘውም ነበር። «ሽያጭ ይይዘዋል» ተብሎ ነበር፣ ሽያጭ ደግሞ ኅዳርን በቅናሽ ጣጣ ነው የጨረሰው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ያ ቁልፍ ውጤት ከነባለቤቱ ስም ተጻፈ።

ቆይታውስ? ሥራ አስኪያጁ «ከአሁን በኋላ ከ1.4 እንዳይወርድ» አለ። ግሱን ሰማችሁ? ልጅቷም ሰምታዋለች። ቀኙ ገጽ ላይ የነበረውን ሰረዘችና ግራው ገጽ ላይ አራተኛ አድርጋ ጻፈችው። ከጎኑ በትንሹ ደግሞ «የጥርን ወር ካለፈው ጥር ጋር እንጂ ከታኅሣሥ ጋር አላወዳድርም» ብላ ጨመረች። እንግዳው ለጥምቀት ከዋዜማው ገብቶ ሦስት ሌሊት ሲያድር ዘበኛው ምንም ሳይሠራ አረንጓዴ ይሆናልና፣ ይሄንን እኔ አልነገርኳትም።